ስፓይክ ቲኬት፦ ምን ይዞ ይወጣል፣ መቼስ ይዘጋል?

ደብረ ብርሃን ላይ አብረውኝ የሚሠሩ ልጆች፣ ይበልጡን ለተግባር ልምምድ ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡት፣ አንዱ ሲሄድ ሌላው ተቀብሎ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ፦ «ይህ ስፓይክ አልቋል ወይስ አላለቀም? ምን ብዬ ልዝጋው?» ሌላው ቲኬት ሲያልቅ ያስታውቃል። ቁልፉ ሲጫን ይሠራል ወይም አይሠራም። ስፓይክ ግን ለመወሰን የሚጎድለንን እውቀት በተቆረጠ ሰዓት ውስጥ ፈልጎ ማምጣት ነው፤ ሲያልቅ የሚታይ ቁልፍ የለውም። ስለዚህ መጨረሻው መጀመሪያ ላይ ካልተጻፈ መቼም አይመጣም።

አሠራሩን በአንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። በከተማችን ዙሪያ ያሉ ገበሬዎች ጠዋትና ማታ ወተት ለማኅበር ያስረክባሉ እንበል። ተረካቢው ለክቶ መተግበሪያው ላይ ይመዘግባል፤ ገበሬው ያስረከበውን ሊትርና የወሩን ድምር በኤስኤምኤስ ይደርሰዋል። መልእክቱን በአማርኛ ፊደል እንላከው ወይስ አማርኛውን በላቲን ፊደል ጽፈን? አንድ ሰው «በፊደላችን ነው እንጂ!» ይላል፣ ሌላው «የገጠር ስልክ ፊደል አያወጣም» ይላል፣ ስብሰባው በዚሁ ያልቃል። ስፓይክ የሚከፈተው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- በአንድ ዓረፍተ ነገር የተጻፈ ጥያቄ
- መልሱን ተቀብሎ የሚወስን ሰው፣ በስሙ
- የሚያበቃበት ቀንና ሰዓት
- መልስ ካልተገኘ የምትይዙት ውሳኔ
- የሚጣል ኮድ የሚቀመጥበት ብራንች
- የአንድ ገጽ ማስታወሻ የሚሰፍርበት ቦታ (ሪፖው ውስጥ ወይም ቡድኑ ሰነድ በሚያኖርበት)
- ጥያቄው የሚነካው እውነተኛ ዕቃ፤ በእኛ ምሳሌ የቁልፍ ስልኮች

1. ጥያቄውን በውሳኔ መልክ ጻፉት

«ኤስኤምኤስን ማጥናት» ጥያቄ አይደለም። ኤስኤምኤስ ዓመት ቢጠና አያልቅም፣ በሁለት ሰዓትም «አጠናሁ» ሊባል ይችላል። የእኛው እንዲህ ይጻፋል፦ «የርክክብ መልእክቱን በአማርኛ ፊደል፣ በአንድ መልእክት ሒሳብ፣ ገበሬዎቹ በያዙት ስልክ ላይ በሚነበብ መልኩ መላክ እንችላለን?»

ከሥሩ ሁለት መስመር ጨምሩ፦ መልሱ «አዎ» ከሆነ ምን እንሠራለን፣ «አይ» ከሆነስ? ሁለቱ መስመሮች አንድ ዓይነት ከወጡ ስፓይኩን አትክፈቱት። በየትኛውም መልስ ሥራው የማይለወጥ ከሆነ መልሱን ለማግኘት ሁለት ቀን የምታወጡበት ምክንያት የለም።

የሚወስነው ሰው ስምም እዚሁ ይግባ። ወሳኝ የሌለው ስፓይክ ጥሩ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ክርክር ከዜሮ ይጀምራል።

2. ሰዓቱን ቁረጡ፣ በሰዓትም ጻፉት

«ሁለት ቀን አካባቢ» አይበቃም። «ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ይጀመራል፣ ረቡዕ 11 ሰዓት ያበቃል» ይባል። ሁለት ቀን ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ደህና ልክ ነው፤ ከሦስት ቀን የሚያልፍ ከመሰላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ሁለት ጥያቄ ተደብቋል፣ ለዩት።

የሥራ ግምት ሌላ፣ የሰዓት ገደብ ሌላ ነው። ግምት «ይህ ሥራ ምን ያህል ይፈጃል?» ለሚለው መልስ ነው። ገደብ ደግሞ «ይህን ለማወቅ ምን ያህል ለማውጣት ፈቃደኞች ነን?» ለሚለው ነው። ስለዚህ ስፓይክ ላይ እንደ ሌላው ቲኬት ነጥብ አትስጡ፤ ከሚሠራው ሰው የስፕሪንት ሰዓት ላይ ሁለት ቀን ቀንሱ፣ በቃ።

መብራት ቢጠፋስ? ይህንንም ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። የእኔ ፍርድ ገደቡ አይገፋም ነው። ገደቡ ያለው ውሳኔው በዚያ ሰዓት ስለሚፈለግ ነው፤ መብራቱ ጠፋ ብሎ የውሳኔው ቀን አይራዘምም። ግማሽ ቀን በጨለማ ካለፈ ባወቃችሁት ልክ ትዘጋላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የሌላ መሥሪያ ቤት መልስ የሚጠብቅ ነገር፣ ለምሳሌ አጭር ቁጥር ማስፈቀድ፣ ስፓይኩ ውስጥ አይግባ። ደብዳቤ ማስገባት ሥራ ነው፣ መልስ መጠበቅ ግን ምርምር አይደለም። ለብቻው ቲኬት ይከፈትለት።

3. መልስ ባይገኝ የምትይዙትን አስቀድማችሁ ወስኑ

ሰዎች በብዛት የሚዘሉት ይህን ነው፣ ስፓይክ የማይዘጋውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሰዓቱ ሲያልቅ እጃችሁ ላይ ግማሽ መልስ ብቻ ካለ፣ እና ግማሽ መልስ ይዞ ምን እንደሚደረግ የተጻፈ ከሌለ፣ ብቸኛው አማራጭ «አንድ ቀን ጨምሩልኝ» ማለት ይሆናል። ነገም እንደዚሁ።

የእኛ ምሳሌ ላይ፦ «እስከ ረቡዕ 11 ሰዓት በቂ መልስ ካላገኘን በላቲን ፊደል እንልካለን።» ለምን ላቲን? የላቲን ፊደል የማያወጣ ስልክ ስለሌለ። ለገበሬው ማንበብ ይከብደዋል፣ እውነት ነው፤ ግን መልእክቱ ባዶ ሳጥን ሆኖ አይደርሰውም፣ በኋላም መለወጥ ይቻላል። ጥሩ መውደቂያ ውሳኔ እንዲህ ነው፤ የሚያምር ባይሆንም ጉዳቱ ትንሽና የሚመለስ ነው።

ይህን መስመር ወሳኙ ሰው ስፓይኩ ሳይጀመር አይቶ ይስማማበት። ሰዓቱ ካለቀ በኋላ ስትጠይቁት ድርድር ይሆናል።

4. ነገሩን ሊገድል ከሚችለው ጀምሩ

ጥያቄው ውስጥ ሁለት ጥርጣሬ አለ፤ ርዝመቱና ስልኩ። ፕሮግራመር ሁሉ እጁ የሚሄደው ወደ ሦስተኛው ነው፤ የመልእክት መላኪያውን ከሲስተሙ ጋር ማገናኘት። እንደሚሠራ የምናውቀውን ነገር መሥራት ደስ ይላል። ግን እሱ ተሠራም አልተሠራ ጥያቄያችንን አይመልስም።

ርዝመቱ ርካሽ ስለሆነ በእሱ እንጀምር። አንድ ኤስኤምኤስ የሚሸከመው 140 ባይት ነው። ላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚጻፍ 160 ምልክት ይገባል። የአማርኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ 2 ባይት ይወስዳል፣ ስለዚህ 70 ብቻ። ከ70 ካለፈ መልእክቱ ይቆራረጣል፣ ቁርጥራጮቹን መልሶ ለመግጠም ከያንዳንዱ 6 ባይት ይወሰዳል፣ በየቁራጩ 67 ይቀራል። መልእክቱ ውስጥ አንድ የአማርኛ ፊደል ብቻ ቢኖር እንኳ መልእክቱ በሙሉ በ70ው ሒሳብ ይቆጠራል።

```python
def n(m):
    return len(m.encode("utf-16-be")) // 2

a = "ክቡር ደንበኛችን፣ ዛሬ ጠዋት 6.5 ሊትር ወተት ለማኅበሩ አስረክበዋል። የዚህ ወር ድምር 142 ሊትር ደርሷል። እናመሰግናለን።"
b = "ጠዋት 6.5 ሊትር ወተት አስረክበዋል። የወሩ ድምር 142 ሊትር።"
print(n(a), n(b))
```

የሚወጣው 80 እና 41 ነው። የመጀመሪያው በሁለት መልእክት ሒሳብ ይሄዳል። «እናመሰግናለን»ን ብታወጡት ልክ 70 ላይ ይቆማል፤ ደስ ይላል፣ ግን ገበሬው 6.5 ሳይሆን 12.5 ሊትር ያመጣ ቀን 71 ይሆንና እጥፍ ትከፍላላችሁ። ሁለተኛው አጭሩ 29 ቦታ ይተርፈዋል፣ የሰውየው ስም ከነማዕረጉ ይገባበታል። አራት ነጥቡን ከአንድ ምልክት ይልቅ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ በመምታት የሚጽፉም አሉ፤ በየዓረፍተ ነገሩ አንድ ቦታ ይበላል።

ይህ ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ቀሪው ጊዜ ሁሉ ለስልኩ ይዋል፣ እሱም ቢሮ ውስጥ አይመለስም፤ ቢሮ ያለን ሁላችንም የያዝነው ስማርት ስልክ ነው። ለሙከራው ኮድ አያስፈልግም። አጭሩን መልእክት ከራሳችሁ ስልክ እየላካችሁ ገበሬው ስልክ ላይ ማየት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደ ጫጫ መስመር ያለ አንድ መረከቢያ ሂዱ፤ ወተቱ እየተለካ ሰው ተሰልፎ ይገኛል። ብርዱ ላይ እጃቸውን ከጋቢ ማውጣት የማይፈልጉ ብዙ ናቸውና አታስቸኩሏቸው።

ፊደል የሌለው ስልክ ላይ የምታዩት ይህን ይመስላል፦

```
□□□ 6.5 □□□ □□□ □□□□□□□□ □□□ □□□ 142 □□□□
```

ልብ በሉ፤ ቁጥሮቹ ደርሰዋል። ገበሬው መጀመሪያ የሚፈልገውም እነሱን ነው። ይህን የመሰለ ነገር ስብሰባ ላይ የሚያስበው የለም፣ መረከቢያው ላይ ግን በመጀመሪያው የቁልፍ ስልክ ይታያል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከመላካችሁ በፊት አስፈቅዱ፣ ስልክ ቁጥራቸውንና ስማቸውን ቲኬቱ ላይ አትጻፉ። የሚያስፈልጋችሁ የስልኩ ዓይነትና «ይነበባል» ወይም «ሳጥን» የሚል ምልክት ብቻ ነው። መልእክቶቹንም ከስልካችሁ አጥፉ።

5. ኮዱ የሚጣል ይሁን

ኮድ ካስፈለገ እንዲህ ባለ ስም ለብቻው ብራንች ላይ ይሁን፦

```
git switch -c spike/sms-fidel
```

ወደ ዋናው ብራንች መርጅ አይደረግም፣ ፑል ሪኩዌስትም አይከፈትለትም። ምክንያቱ ንጽሕና አይደለም፣ ፍጥነት ነው። ኮዱ እንደሚጣል የሚያውቅ ሰው ስህተት መያዣ፣ ቴስት፣ ጥሩ የተለዋዋጭ ስም ላይ ጊዜ አያጠፋም፤ ሰዓቱን በሙሉ ጥያቄው ላይ ያውላል። «ምናልባት እንጠቀምበት ይሆናል» ያለ ሰው ግን ሁለቱንም ያጣል። ኮዱ ለምርት የማይበቃ፣ ምርምሩም ያላለቀ ይሆናል። ከተማራችሁት ተነሥታችሁ እንደገና መጻፍ ከምታስቡት ይፈጥናል።

6. ግማሹ ላይ አንድ ጊዜ ቁሙ

ማክሰኞ 11 ሰዓት ላይ ለወሳኙ ሰው ሦስት መስመር ጻፉ፤ ምን ታወቀ፣ ምን ቀረ፣ ነገ በምን ይጀመራል። መልሱ ከወዲሁ ግልጽ ከሆነ ረቡዕን ሳትነኩ ዝጉት። የተመደበ ሰዓት ተርፎ መዝጋት ነውር አይደለም። መረከቢያው ላይ ያገኛችኋቸው የመጀመሪያዎቹ ስልኮች በሙሉ ሳጥን ካሳዩ ሃምሳኛውን ስልክ ፍለጋ አትሂዱ።

7. ውጤቱን በአንድ ገጽ ጻፉ

የስፓይክ ውጤት ኮዱ አይደለም፣ ማሳያውም አይደለም። ሌላ ሰው አንብቦ ሊወስንበት የሚችል አንድ ገጽ ነው። መልሱ አናት ላይ ይግባ፣ የደከማችሁበት ታሪክ ከታች። የእኛው ይህን ይመስላል (የስልኮቹ ቁጥር ለምሳሌ ያህል የተቀመጠ ነው)፦

> ጥያቄ፦ የርክክብ መልእክቱን በአማርኛ ፊደል፣ በአንድ መልእክት ሒሳብ፣ በሚነበብ መልኩ መላክ እንችላለን?
>
> መልስ፦ በርዝመት በኩል አዎ። በስልክ በኩል ለሁሉም አይደለም።
>
> ማስረጃ፦ አጭሩ መልእክት 41 ምልክት ነው፤ ከስም ጋር ከ70 አያልፍም። ከታዩት 18 ስልኮች 11ዱ ፊደሉን አውጥተዋል፣ 7ቱ ሳጥን አሳይተዋል። በሰባቱም ላይ ቁጥሮቹ ይነበባሉ።
>
> ሐሳብ፦ ገበሬው ሲመዘገብ ተረካቢው የሙከራ መልእክት ይላክለት፣ «ይነበባል?» ብሎ ይጠይቅ፣ መልሱን ምልክት ያድርግ። ለማይነበብለት በላቲን ይላክ።
>
> ያላየነው፦ አንድ መረከቢያ ብቻ ነው የታየው፤ የመንዝና የቆላው ወረዳዎች ስልክ አልታየም። ማታ የሚያስረክቡትም አልተጠየቁም።
>
> የሚከተሉ ቲኬቶች፦ የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ «ፊደል ይነበባል» ምልክት፤ ሁለት የመልእክት ቅጽ፤ ከ70 ያለፈ መልእክትን የሚያስቆም ፍተሻ።

«ያላየነው» የሚለውን አትዝለሉት። ከስድስት ወር በኋላ ሥራው ወደ መሐል ሜዳ ሲሰፋ ውሳኔው የተመሠረተው በአንድ መረከቢያ ላይ መሆኑን የሚነግራቸው ይህ መስመር ብቻ ነው።

መንገድ ላይ የምታገኙት ከጥያቄው ውጭ የሆነ ነገርም አለ። ለምሳሌ አንዳንድ እናቶች መልእክቱን የሚያነቡላቸው ልጆቻቸው እንደሆኑ፣ ልጁ ትምህርት ቤት ሲውል ስልኩም አብሮ እንደሚሄድ ትሰማላችሁ። ጠቃሚ ነው፣ በአንድ መስመር ጻፉት፣ ባክሎግ ውስጥ ጣሉት፣ አትከተሉት። ስፓይክ ሰዓቱን የሚጨርሰው እንዲህ ባሉ እውነተኛ ግን የሌላ ቀን በሆኑ ጥያቄዎች ነው።

8. ዝጉት

ስፓይክ የሚዘጋው በሦስት መንገድ ነው።

*መልስ ተገኘ።* አዎም ይሁን አይ። «አይሆንም» ብሎ የሚዘጋ ስፓይክ ሙሉ ስፓይክ ነው። ቲኬቱን «አልተሳካም» ብላችሁ አትዝጉት፤ እንደ ማንኛውም የተሠራ ሥራ ይዘጋ።

*ሰዓቱ አለቀ።* ያላችሁን ጻፉ፣ ቁጥር 3 ላይ የተስማማችሁበት ውሳኔ ይጸናል፣ ይዘጋል።

*ጥያቄው ሞተ።* መሐል ላይ ማኅበሩ «በቃ፣ ስልክ ደውለን እንነግራቸዋለን» ቢል ያን ቀን ዝጉት። ሁለት መስመር ምክንያት ይበቃል።

በሦስቱም መንገድ «ዝግ» ከማለታችሁ በፊት አራት ነገር እዩ። ገጹ ቲኬቱ ላይ ተያይዟል? ወሳኙ አንብቦ ውሳኔውን በራሱ እጅ ጽፏል? የሚከተሉት ቲኬቶች ተከፍተዋል? ብራንቹ ጠፍቷል፣ ወይም የሚጠፋበት ቀን ተጽፏል? አራቱ ከተሟሉ ይዘጋል። የሚከተሉት ቲኬቶች እስኪሠሩ አይጠበቅም፤ እነሱ የራሳቸው ሕይወት አላቸው፣ ግምታቸውም አሁን ከስፓይኩ በፊት ከነበረው የተሻለ ይሆናል።

ሰዓት ይራዘም የሚል ጥያቄ ከመጣ መልሱ ይህ ነው፦ አሮጌው ቲኬት ይዘጋል፣ አዲስ ይከፈታል፣ ጥያቄው ከቀድሞው የጠበበ መሆን አለበት፣ ይህም አንድ ጊዜ ብቻ ይፈቀዳል። «የመንዝ ስልኮችስ?» ጠባብ ጥያቄ ነው፣ ያልፋል። «ትንሽ ልጨርሰው» ጥያቄ አይደለም።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

*ስፓይኩ ሥራውን መሥራት ይጀምራል።* ምልክቱ ማክሰኞ ከሰዓት «ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው» የሚል ወሬ ነው። ስፓይክ ውስጥ «የቀረ» ሥራ የለም፣ የቀረ ጥያቄ ነው ያለው። ጥያቄው ምን እንደሆነ ጠይቁት፤ መመለስ ካቃተው ስፓይኩ አልቋል።

*ውጤቱ የአገናኝ ዝርዝር ይሆናል።* አሥራ አምስት ድረ ገጽ ተለጥፎ «ተጠንቷል» ይባላል። ወሳኙ እንደገና ሊያጠና ነው ማለት ነው። አናቱ ላይ መልስ የሌለው ገጽ ተመላሽ ይደረግ።

*ሁሉም ነገር ስፓይክ ይሆናል።* ሰነዱን ግማሽ ሰዓት ማንበብ የሚመልሰውን ነገር ቲኬት አታድርጉት። እንዴት እንደሚሠራ የምታውቁት ግን ከባድ የሆነ ሥራም ስፓይክ አይደለም፣ ከባድ ሥራ ነው።

*ሁለት ሰው ይመደባል፣ ማንም አይጽፍም።* ሁለት ሰው መረከቢያው ድረስ ቢሄድ ጥሩ ነው፤ ገጹን የሚጽፈው ግን አንድ ሰው፣ ስሙ ቲኬቱ ላይ ያለው ነው። መጻፊያውንም ከገደቡ ውስጥ ቆርሱለት፦ ረቡዕ 11 ሰዓት የሚያበቃ ከሆነ ሙከራው 9 ሰዓት ላይ ይቆማል፣ ቀሪው ሁለት ሰዓት የብዕሩ ነው።